ከስኔር እስከ ፍሎር ቶም፦ ፓራዲድልን ወደ ፊል የመቀየር ጥበብ

ዘፋኙ ግጥሙን ጨርሶ ወደ አዝማቹ ሊሻገር ሲል ድራመሩ ይዞት ከቆየው ግሩቭ ለአፍታ ይወጣል። ከስኔሩ ተነስቶ ቶሞቹን ያዳርሳል፣ ክራሹን ይመታና ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ መሸጋገሪያ ነው ፊል የሚባለው። ዘፈኑ በደቂቃ 80 ቢት የሚሄድ ከሆነ አራት ቢት ያለው አንድ ባር የሚፈጀው ሦስት ሰከንድ ነው። እያንዳንዱን ቢት ለአራት ከፍለን ብንመታው በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ 16 ምት ይገባል። ፊል ማለት እንግዲህ እነዚህን 16 ቦታዎች እንዴት እንደምንሞላቸው መወሰን ነው።

ድራም የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ፊል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አራት ምት ስኔር ላይ፣ አራት አንደኛው ቶም ላይ፣ አራት ሁለተኛው ቶም ላይ፣ አራት ፍሎር ቶም ላይ፣ ከዚያ ክራሽ። እጆቹም ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ይፈራረቃሉ። ይህ ፊል ስህተት የለበትም፤ ብዙ ጥሩ ዘፈኖች ላይም ይሰማል። ችግሩ ሰውየው ከዚህ ወዲያ መሄድ ሲፈልግ ነው። እጆቹ በተራ ብቻ ሲፈራረቁ እያንዳንዱን ቢት የሚከፍተው ቀኝ እጅ ይሆናል። ከበሮዎቹም በተደረደሩበት ቅደም ተከተል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ብቻ ይመታሉ። ፍጥነት ሲጨመርበት ያው ፊል ፈጥኖ ይሰማል እንጂ ሌላ ፊል አይሆንም።

ይህን የሚሰብረው የእጅ አጠቃቀሙን መቀየር ነው፤ ለዚህም ከፓራዲድል የተሻለ መነሻ አላውቅም። ፓራዲድል ስምንት ምት አለው። ቀኝን በ«ቀ»፣ ግራን በ«ግ» ብንጽፋቸው እንዲህ ይሆናል፦

ቀ ግ ቀ ቀ – ግ ቀ ግ ግ

በመጀመሪያዎቹ አራት ምቶች ሁለቱ እጆች አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ከዚያ ቀኝ እጅ ሁለቴ ይደግማል። ቀኝ በመድገሙ የተነሳ ቀጣዩን ቢት የሚከፍተው ግራ ይሆናል። ሁለተኛዎቹ አራት ምቶች ያንኑ ነገር ከግራ ጀምረው ያደርጉና መሪነቱን ለቀኝ ይመልሳሉ። በየአራት ምቱ መሪው እጅ ይቀያየራል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንላቸው ፊሎች ሁሉ የሚወጡት ከዚህች መቀያየር ነው።

እንዲህ ያሉ አጫጭር የእጅ ልምምዶች ሩዲመንት ይባላሉ፤ የተወለዱትም ከወታደር ከበሮ ነው። ራዲዮ ባልነበረበት ዘመን የጦር ሠራዊት በከበሮ ይቀሰቀስ፣ ይሰለፍ፣ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ከበሮ መቺ አንዱን ምልክት በአንድ ዓይነት እጅ እንዲመታው ያስፈልግ ነበር። በአሜሪካ ቻርልስ ስቱዋርት አሽዎርዝ በ1812 እ.ኤ.አ. እነዚህን ልምምዶች በመጽሐፍ አሳተመ። በ1933 ቺካጎ ላይ የተሰባሰቡ ከበሮ መቺዎች የሩዲመንት ማኅበር መሥርተው 13ቱን «ግድ የሚሉ» ብለው ለዩዋቸው። ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው የ40 ሩዲመንት ዝርዝር የወጣው በ1984 ነው። አርባውን ሁሉ መሸምደድ ግን ለፊል ግዴታ አይደለም። ጆርጅ ሎውረንስ ስቶን በ1935 ያሳተመው «ስቲክ ኮንትሮል» የሚባለው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በየድራመሩ ቤት ይገኛል። የመጀመሪያው ገጹ አምስተኛ ልምምድ ይኸው ከላይ የጻፍነው ፓራዲድል ሲሆን ከስድስት እስከ ስምንት ያሉት ደግሞ ያንኑ ፓራዲድል ከሌላ ምት ላይ እያስጀመሩ የሚመቱት ናቸው። መጽሐፉ እያንዳንዱን ልምምድ 20 ጊዜ ድገሙ ይላል።

የሰልፍ ከበሮው ወደ ዘፈን እንዴት እንደገባ መስማት የሚፈልግ ሰው ፖል ሳይመን በ1975 ያወጣውን «ፊፍቲ ዌይስ ቱ ሊቭ ዩር ላቨር» ያዳምጥ። ድራሙን የመታው ስቲቭ ጋድ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። በዘፈኑ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የስኔር ምት የሰልፍ ከበሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ግን ፖፕ ዘፈን ተሸክሟል። እኛም ሀገር ዘመናዊው ባንድ ያደገው በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ቤት ስለሆነ ይህ ዝምድና ለኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ እንግዳ አይደለም።

ወደ ልምምዱ እንመለስ። ፓራዲድል ስምንቱም ምቶች እኩል ጮኸው ሲመቱ ለፊል ብዙም አይጠቅምም። እጆቹ ቢለያዩም ጆሮ የሚሰማው ያው ቀጥ ያለ የምት ረድፍ ነው። ሕይወት የሚያገኘው የእያንዳንዱ አራት ምት የመጀመሪያው ጮክ ብሎ ሌሎቹ ሦስቱ ዝቅ ሲሉ ነው። ጮክ የሚለውን ምት ድራመሮች አክሰንት ይሉታል። በአክሰንትና በዝቅተኛው ምት መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከጉልበት ሳይሆን ዱላው ከሚነሳበት ከፍታ ነው። ለአክሰንቱ የዱላው ጫፍ ከቆዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል፣ ለዝቅተኛው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። እጅ ጠንክሮ ሳይጨብጥ ከከፍታ የወረደ ዱላ በራሱ ይጮሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ቀኝ እጅ አክሰንቱን ከመታ በኋላ ዱላው እንዳይነጥር ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም ቀጣዮቹ ሁለት የቀኝ ምቶች ዝቅተኛ ናቸው። ግራ በበኩሉ በሁለተኛው ቦታ ላይ ዝቅ አድርጎ ይመታና ዝቅ እንዳለ አይቀርም፤ እንደመታ ወዲያውኑ ወደ ላይ ይነሳል። ቀኝ ሁለቴ ሲደግም ግራ ላይ ሆኖ ይጠብቅና አምስተኛውን ምት፣ የራሱን አክሰንት፣ ከከፍታ ያወርደዋል። አንዱ እጅ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግራው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ስለሚተወው ነው። አክሰንቱ ሲደርስ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ለመጮህ ይታገላል፣ ትከሻው ይጨመድዳል፣ ምቱም ይዘገያል። ከመስታወት ፊት ተቀምጦ በደቂቃ 60 ቢት ላይ መምታት ይህን ያጋልጣል። አክሰንቱ ሊመጣ ሲል የሚመታው ዱላ ቀድሞ ተነስቶ ካልታየ ፍጥነት መጨመር ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ ድግሙ ነው። «ቀ ቀ» ሲባል የመጀመሪያው በእጅ አንጓ ይመታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ዱላው ሲነጥር ጣቶቹ ሰብሰብ እያሉ ይመልሱታል። ኳስ ሲነጥር እጅ ከላይ ነካ እያደረገ እንደሚያስቀጥለው ማለት ነው። ጣቶቹ ካልሠሩ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይደክማል፣ ወደ እሱም ይጠጋል፤ አራቱ ምቶች እኩል ርቀት ላይ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ፈረስ ሶምሶማ ይሰማሉ። ለዚህ ጥሩ ፈተና አለ። ፓራዲድሉን ያለ አክሰንት ለትንሽ ጊዜ እየመታችሁ ሳታቋርጡ ወደ ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ግራ ተሻገሩ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው መቼ እንደተሻገራችሁ በጆሮው ካወቀ ድግማችሁ ገና እኩል አልሆነም።

አሁን ኪቱ ላይ እንቀመጥ። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ስኔሩ በጉልበቶቹ መካከል፣ ሃይ-ሃቱ በግራው፣ ቶሞቹ ከቤዝ ድራሙ በላይ፣ ፍሎር ቶሙ በቀኝ ጭኑ አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ፊል በአንድ ሕግ ይሠራል፦ ዝቅተኛ ምቶች ሁሉ ስኔር ላይ ይቆያሉ፣ አክሰንቶቹ ብቻ ይወጣሉ። የቀኝ አክሰንት ፍሎር ቶም ላይ፣ የግራው አክሰንት ስኔሩን ተሻግሮ ባለው ትንሹ ቶም ላይ ያርፋል። የግራውን ፍሎር ቶም ላይ ለማሳረፍ መሞከር እጆቹን ያጣምራቸዋል፤ ለጊዜው ይቅርባችሁ። አንድ ባር ሙሉ፣ 16ቱም ምቶች፣ ሁለት ፓራዲድል ናቸው፦

ቀ ግ ቀ ቀ – ግ ቀ ግ ግ – ቀ ግ ቀ ቀ – ግ ቀ ግ ግ

በአንደኛውና በሦስተኛው ቢት ፍሎር ቶሙ ይወፍራል፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ትንሹ ቶም ይመልስለታል፣ በመካከላቸው ስኔሩ ዝቅ ብሎ ይፈስሳል። አድማጩ የሚሰማው ሁለት ቶሞች ሲነጋገሩ ነው፤ 16 ምት መኖሩን ልብ አይልም። አጨራረሱም ያማረ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምቶች «ግ ግ» ስለሆኑ ቀኝ እጅ በዚያ ጊዜ ነፃ ነው፤ ተነስቶ ወደ ክራሹ ይሄዳል። ቀጣዩ ባር ሲገባ ክራሹና ቤዝ ድራሙ በአንድ ላይ ይመታሉ፣ ግሩቡም ይቀጥላል።

ሦስት ባር ግሩቭ፣ አንድ ባር ፊል እያላችሁ በሜትሮኖም በደቂቃ 70 ቢት ላይ ጀምሩና በስልክ ቅዱት። ቀረጻውን ስትሰሙ ትኩረታችሁን ከፊሉ ይልቅ ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው ክራሽ ላይ አድርጉ። ክራሹ ሜትሮኖሙን ከቀደመ በፊሉ ውስጥ ሮጣችኋል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሮጣችሁት በድግሞቹ ላይ ነው። ክራሹ ከዘገየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጉዞው ነው፤ እጅ ከፍሎር ቶሙ ተመልሶ ስኔሩ ላይ መድረስ አቅቶታል።

ስለዚህ ጉዞ ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ፓራዲድል ከፓድ ላይ ወደ ኪት ሲመጣ የሚወድቀው እዚህ ነው። ፓድ ላይ ሁለቱም እጆች አንድ ቦታ ናቸው። ኪት ላይ ቀኝ እጅ የመጀመሪያውን ምት ፍሎር ቶም ላይ አሳርፎ በሦስተኛው ምት ስኔር ላይ መገኘት አለበት፤ በመካከሉ አንድ ምት ብቻ አለ። በደቂቃ 80 ቢት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ አራት አሥረኛ እምብዛም አይርቅም፣ በ120 ቢት ላይ ግን ሩብ ሰከንድ ይሆናል። እጁ ከተጣደፈ ሦስተኛው ምት ወይ ይዘገያል ወይ ጮክ ብሎ ይወድቅና ዝቅተኛ መሆኑ ቀርቶ ሌላ አክሰንት ይሆናል። በአንጻሩ ወደ አክሰንቱ ሲኬድ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ግራ በሁለተኛው ምት መትቶ እስከ አምስተኛው ሥራ የለውም። መሄጃው ሰፊ፣ መመለሻው ጠባብ ነው።

ስቶን በስድስተኛው ልምምድ ያስቀመጠው ቅርጽ ይህን ይገለብጠዋል፦

ቀ ግ ግ ቀ – ግ ቀ ቀ ግ

ይህ ያው ፓራዲድል ነው፤ ድግሙ ብቻ ከመጨረሻ ወደ መካከል መጣ። አሁን ቀኝ አክሰንቱን ፍሎር ቶም ላይ ሲመታ ግራ ሁለቴ ስኔሩ ላይ ይደግምለታል፤ ቀኝ መመለስ ያለበት ለአራተኛው ምት ነው። በ120 ቢት ላይ ሩብ ሰከንድ የነበረው መመለሻ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ይህ ትርፍ ግን ዋጋ አለው፦ ግራ በሦስተኛው ምት ስኔር ላይ መትቶ በአምስተኛው ቶም ላይ መድረስ አለበትና መሄጃው ጠበበ። ትንሹ ቶም ከስኔሩ አጠገብ ስለሆነ ግን ግራ ይችለዋል። ለዚህ ነው ፈጠን ባለ ዘፈን ላይ ይህኛው ቅርጽ ቶሞች ላይ የሚቀለው። ተማሪዎቼ ፍጥነት ሲጨምሩ «እጄ አይደርስም» ሲሉኝ አብዛኛውን ጊዜ እጃቸውን ከማፍጠን ይልቅ ቅርጹን አስለውጣቸዋለሁ።

ቀጣዩ እርምጃ እግርን ማስገባት ነው፤ ለእኔ ፓራዲድል እውነተኛ የድራም ኪት ቋንቋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ድግሞቹን ከእጅ ቀምታችሁ ለቤዝ ድራሙ ስጡት። እግርን በ«እ» ብንጽፈው፦

ቀ ግ እ እ – ግ ቀ እ እ

እጆቹ አሁን በየአራት ምቱ ሁለት ባዶ ቦታ አላቸው፤ የትም ለመሄድ ጊዜ ያገኛሉ። ቀኝ ፍሎር ቶም፣ ግራ ስኔር፤ ከዚያ ግራ ትንሹ ቶም፣ ቀኝ ስኔር ማለት ይቻላል። ዝቅ ብሎ ሲፈስስ የነበረው ነገር ጠፍቶ በምትኩ ከሥር የሚመታ ከባድ ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ ይህ ፊል ለስለስ ላለ ዘፈን አይሆንም፤ ባንዱ ጮክ ብሎ በሚጫወትበት አዝማች መግቢያ ላይ ግን ከእሱ የሚወዳደር ጥቂት ነው። ሁለት ገደብ አለው። አንደኛው የእግሩ ፍጥነት ነው። በአንድ ፔዳል ሁለት ምት ማከታተል በ80 ቢት ላይ ለአብዛኛው ሰው ይቻላል፣ በ120 ላይ ግን ሁለተኛው ምት መድከም ይጀምራል። ሌላው ብዙ ሰው ኪቱ ላይ ካልተቀመጠ የማይታየው ነው። ባሩ በ«እ እ» ካለቀና ቀጣዩ ባር በክራሽና በቤዝ ድራም ከከፈተ እግር ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይመታል ማለት ነው። ብዙ ፊል በዚህች ቦታ ይሰናከላል፤ ክራሹ ይጮሃል፣ ከሥሩ ግን ቤዝ ድራሙ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጨረሻዎቹን አራት ምቶች በቀድሞው ቅርጽ፣ «ግ ቀ ግ ግ» ብሎ፣ ስኔር ላይ መጨረስ። እግሩ ዐርፎ ክራሹን ይጠብቃል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ አክሰንታቸው ቢቱ ላይ ያርፋል። አንዳንዴ ግን ፊሉ ቢቱን እንዲጋፋው እንፈልጋለን። ለዚያ ስድስት ምት ያለው የፓራዲድል ዘመድ አለ፣ ፓራዲድል-ዲድል ይባላል፦

ቀ ግ ቀ ቀ ግ ግ

ይህኛው መሪነትን አያስተላልፍም፤ ሁልጊዜ በቀኝ ይጀምራል። 16 ምት ለስድስት እኩል ስለማይካፈል ሁለት ጊዜ መትተን 12 ስንሞላ አራት ይተርፋል፤ ትርፉን «ቀ ግ ቀ ግ» ብለን እንዘጋዋለን፦

ቀ ግ ቀ ቀ ግ ግ – ቀ ግ ቀ ቀ ግ ግ – ቀ ግ ቀ ግ

የየቡድኑን የመጀመሪያ ምት ፍሎር ቶም ላይ አሳርፉት። አክሰንቶቹ የት እንደወደቁ ቁጠሩ፦ አንደኛው በመጀመሪያው ቢት፣ ሁለተኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቢት መካከል፣ ሦስተኛው በአራተኛው ቢት። በመካከል ያለው አክሰንት ከቢቱ ውጭ በመሆኑ አድማጩ ለአፍታ ይንሳፈፋል፣ በአራተኛው ቢት ይያዛል፣ በክራሹ ይወርዳል። ይህን ፊል ስትለማመዱ ግራ እግራችሁ በሃይ-ሃቱ ፔዳል አራቱንም ቢት እየመታ ይቁጠር። እግሩ ከአክሰንቱ ጋር ሄዶ ሁለተኛውን አክሰንት ከተከተለ ቢቱ ጠፍቷችኋል፤ ፊሉን ትታችሁ በአፋችሁ ቢቱን እየቆጠራችሁ ከእንደገና ጀምሩ።

የእኛ ሀገር ድራመር ይህን ሁሉ ተምሮ ችክችካ ላይ ሲቀመጥ ግን ሒሳቡ ይለወጥበታል። ከላይ ያየነው ሁሉ ቢትን ለአራት የሚከፍል ነው። ችክችካ በ6/8 ይቆጠራል፤ አንዱ ባር ሁለት ትላልቅ ቢቶች አሉት፣ ፈጥነን ስንከፍለው በአንድ ባር 12 ምት፣ ለእያንዳንዱ ቢት ስድስት ምት ይደርሳል። በምዕራብ መጻሕፍት ላይ የተማሩትን የ16 ምት ፊል እዚህ ማስገባት ባሩን ያፈርሰዋል፤ አራት ምት ይተርፋል፣ ዘፋኙም መግቢያው ይጠፋበታል።

ፓራዲድል-ዲድል ግን ስድስት ምት ነው። ሁለት ጊዜ ሲመታ አንድ የችክችካ ባር ሞላ፣ አክሰንቶቹም በሁለቱ ትላልቅ ቢቶች ላይ በትክክል ያርፋሉ። በ4/4 ላይ ቢቱን ይጋፋ የነበረው ልምምድ በ6/8 ላይ ቤቱ ገባ። ችክችካ ላይ ፊል መማር ለሚጀምር ሰው መነሻው ይህ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ጭፈራውን ሳይነካ ድምፁን ብቻ ያወፍረዋል።

ስምንት ምት ያለው ፓራዲድል ደግሞ እዚያው ችክችካ ላይ የተለየ ሥራ ይሠራል። 12 ምት ውስጥ አራት አራት ምት ያላቸው ሦስት ቡድኖች ይገባሉ፦

ቀ ግ ቀ ቀ – ግ ቀ ግ ግ – ቀ ግ ቀ ቀ

በየቡድኑ መጀመሪያ አንድ አክሰንት አለ፤ ስለዚህ እግር ሁለት በሚቆጥርበት ባር ውስጥ ቶሞቹ ሦስት ጊዜ እኩል ይጮሃሉ። ሦስት በሁለት ላይ ሲጋጩ የሚፈጠረው ግፊት ጆሮን ቀጥ ያደርጋል፤ ጨፋሪውም ቢሆን ትከሻው ላይ ይሰማዋል። ግን ቡድኖቹ ሦስት ስለሆኑ መሪነት ወደ ቀኝ አልተመለሰም። ባሩ በ«ቀ ቀ» አለቀና ክራሹን መምታት ያለበት ግራ ሆነ። በግራ በኩል ክራሽ ያለው ሰው ግራውን ይጠቀም። የሌለው ደግሞ ሁለት ምርጫ አለው፦ የመጨረሻውን ቡድን «ቀ ግ ቀ ግ» ብሎ መዝጋት፣ ወይም ፊሉን ሁለት ባር አድርጎ ስድስት ቡድን መምታት። ሁለተኛው ባር በግራ ይጀምርና በ«ግ ግ» ያልቃል፣ ቀኝ እጅም ለክራሹ ነፃ ይሆናል። ሁለት ባር ሙሉ ሦስት በሁለት ላይ መጫወት ለዘፋኝ ከባድ ስለሚሆን ይህኛውን ለመሣሪያ ብቻ ቦታ አቆዩት፤ ግጥም ሊገባ ሲል ግን የአንዱ ባር ይበቃል።